ለለቅሶ ቤት የላክሁት የደስታ መልእክት

ጅማ ውስጥ ቡና ቆልቼ እሸጣለሁ። ሱቋ ትንሽ ናት። እኔ፣ ታናሽ እህቴና አንዲት ረዳት ብቻ ነን የምንሠራው። ረዳቴን እዚህ ጽሑፍ ላይ ሰናይት እላታለሁ፤ እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለ ቡናው አይደለም። ሰው ቡና ከገዛን በኋላ ስለምንልክለት አጭር የምስጋና መልእክት ነው። በዚህች መልእክት የተነሳ ልጇን የቀበረች እናት አስከፍቻለሁ። ሱቅ ከፍታችሁ ለደንበኛ መልእክት የምትልኩ ካላችሁ፣ እኔ ያለፍኩበትን አንብባችሁ ቢያንስ ይህን አንዱን ብትተርፉ ደስ ይለኛል።

ስጀምር ሱቅ አልነበረኝም። ቤት ውስጥ በብረት ምጣድ እየቆላሁ ለጎረቤትና ለወዳጅ እሸጥ ነበር። በሳምንት አስር፣ አስራ አምስት ሰው ቢገዛኝ ነው። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ማታ ልጆቹን ካስተኛሁ በኋላ ስልኬን ይዤ እቀመጥና ለእያንዳንዱ እጽፋለሁ። ለአንዷ "ቡናው እንዴት ሆነልሽ? ይቺ ቀላ ያለችው ላንቺ ብዬ ነው" እላለሁ። ለሌላው "ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ" እላለሁ። ለሙስሊም ጎረቤቴ ሌላ ነው፣ ለአብሮ አደጌ ሌላ ነው። ማንም አላስተማረኝም። ሰውን በር ላይ ሳገኘው እንደማናግረው ነበር የምጽፈው። ከአስሩ ሰባቱ በዚያው ምሽት ይመልሱልኝ ነበር።

ከዚያ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሱቅ ተከራየሁ። ደንበኛው በአንዴ በዛ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይመጣል፣ አዲስ አበባ ላለ ዘመዱ የሚልክ ይመጣል፣ ለድግስ በኪሎ የሚወስድ ይመጣል። እኔ ከመቁያው ፊት መነሳት አልቻልኩም። ስልኩን ለሰናይት ሰጠኋትና "እኔ እንደምጽፈው እየጻፍሽ ላኪላቸው" አልኳት። ትልቁ ስህተቴ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። "እኔ እንደምጽፈው" ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔ ራሴ አስቤው አላውቅም ነበር። እሷ ከየት ታምጣው?

ሰናይት ያኔ ሃያ ዓመቷ ነው። ቅን ልጅ ናት። ፍቅር የምትገልጸው ከጓደኞቿ ጋር በለመደችው ቋንቋ ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ሐጂ ሱቅ መጡ። ከሰባ ያለፉ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው የሰፈራችን ሰው ናቸው። ስልካቸውን አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩት። "ይቺን የላከችው ማናት?" አሉኝ። አነሳሁና አነበብኩት። "በጣም አመሰግናለሁ የኔ ማር" ይላል፤ ከጎኑ ቀይ ልብ አለ። ሐጂ አልተቆጡም። "እኔ መነጽር ስላልያዝኩ ባለቤቴ ናት ያነበበችልኝ" አሉና ዝም አሉ። ከዚያ በላይ ምንም አላሉም። ቡና ሳይገዙ ወጡ።

እኔ ደነገጥኩ። የደነገጠ ሰው ደግሞ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ይሮጣል። አዲስ አበባ የማስታወቂያ ሥራ የሚሠራ የአጎቴ ልጅ አለ። ደወልኩለት። "አንድ ብራንድ አንድ ድምፅ ነው ሊኖረው የሚገባ። ዛሬ አንቺ፣ ነገ ሰናይት፣ ከነገ ወዲያ እህትሽ በየራሳችሁ አፍ ካወራችሁ ሰው ከማን ጋር እንደሆነ ግራ ይገባዋል" አለኝ። በዚህ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ። ችግሩ የድምፁ ይዘት ላይ ነበር። ለሁሉም የሚላክ አንድ ጽሑፍ አዘጋጀልኝ። ይኸው፦

"ውድ ደንበኛችን፣ የደስታዎ ጊዜ ተካፋይ እንድንሆን ስለመረጡን ከልብ እናመሰግናለን! ጥራት መለያችን፣ የእርስዎ እርካታ ኩራታችን ነው። በድጋሚ ይጎብኙን።"

ሳነበው ኮራሁ። ትልቅ ድርጅት የሆንኩ መሰለኝ። በጅምላ መልእክት የሚልክ አገልግሎት ተመዘገብን። ሰናይት ቀን ቀን የገዢውን ስልክ ትመዘግባለች፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይሄዳል። የኔ ማር የሚል የለ፣ ልብ የለ። እፎይ አልኩ።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ዝምታውን ነው። መልስ የሚጽፍ ሰው ጠፋ። ከመቶ ሰው አንድ "እሺ" የሚል ቢገኝ ነው። ሰው ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ አለፍኩት። እናንተ እንደ እኔ አትለፉት። የምስጋና መልእክት ሰውን ካልነካ ሰው ደውሎ ቅሬታ አይነግራችሁም። ዝም ብሎ መመለስ ይተዋል። ከዚህ ሌላ ምልክት የለውም።

ቀጥሎ አንዲት ጎረቤቴ ቡና ጠርታኝ ሄድኩ። እሷና ዋርሳዋ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም ደንበኞቼ ናቸው። ያን ሰሞን "ትንሽ እናሙቀው" ብዬ ጽሑፉ ላይ "እርስዎ ለእኛ ልዩ ነዎት" የሚል ጨምሬበት ነበር። ጎረቤቴ ስልኳን ለዋርሳዋ ዘርግታ አሳየቻት። ዋርሳዋም የራሷን አወጣች። አንድ ዓይነት ነው፤ ነጠላ ሰረዙ እንኳ አልተለየም። "ሁላችንም ነን ልዩ?" አለችኝ ጎረቤቴ። እየሳቀች ነው ያለችው፣ እኔን ግን አሳፈረኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የገባኝ ነገር አለ። ለሁሉም የሚላክ ጽሑፍ ለሁሉም እንደሚላክ ካልደበቀ አያስቀይምም። "ለደንበኞቻችን በሙሉ፣ ቅዳሜ ዝግ ነን" ብትሉ ማንም አይከፋውም። የሚያስቀይመው ለአንድ ሰው ብቻ የተጻፈ መስሎ የጅምላ ሆኖ ሲገኝ ነው። ሰው ስልኩን ለጎረቤቱ ያሳያል። ጅማ ደግሞ ትልቅ ከተማ ብትሆንም ቡና ላይ ሁሉም ይገናኛል።

ይህንን ሁሉ ግን ትንሽ ነገር አድርጌ ቆጥሬው ነበር። የቀየረኝ የሚቀጥለው ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ወጣት መጥቶ አራት ኪሎ የተፈጨ ቡና ገዛ። ችኮላ ላይ ነበር። ሰናይት ስልክ ስትጠይቀው "የአክስቴን ጻፊው፣ ለእሷ ነው" አላት። ጻፈችው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ መልእክቱ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት የማላውቀው ስልክ ደወለ። የአንዲት ሴት ድምፅ ነው፣ የደከመ። "የደስታሽ ጊዜ ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ምን አግኝታችሁብኝ ነው?" አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ቀስ ብላ ነገረችኝ። ቡናው ለለቅሶ ቤት ነበር። ልጇን ሰኞ ቀብራለች። መልእክቱ የደረሳት ድንኳን ውስጥ ሰው ከቧት ተቀምጣ ነው። አንዲት ዘመዷ ስልኩ ሲጮህ የማጽናኛ መልእክት መስሏት ጮክ ብላ አነበበችው።

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ስልኩን እንደዘጋሁ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ፣ እህቴን ይዤ ለቅሶ ሄድኩ። ስለ መልእክቱ ምንም አላነሳሁም። ፈጣሪ ያጽናሽ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማንነቴን ስነግራት እጄን ያዘችው። "አንቺ እንኳን መጣሽ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ይቅርታ በጽሑፍ መላክ ምን ያህል ከንቱ ይሆን እንደነበር ገባኝ። እንዲህ ያለ ስህተት ከደረሰባችሁ ይቅርታችሁን በመልእክት አትላኩ። ቅርብ ከሆነ ሂዱ፤ ሩቅ ከሆነ ደውሉ።

በዚያው ሳምንት የጅምላ መላኪያውን ዘጋነው። እኔ፣ እህቴና ሰናይት ማታ ሱቅ ውስጥ ተቀመጥንና የቱ ቃል የሱቁ እንደሆነ፣ የቱ የሰውየው እንደሆነ መለየት ጀመርን። ሦስት ምሽት ፈጀብን። የደረስንበትን ልንገራችሁ።

የሱቃችን ድምፅ "ጥራት መለያችን" የሚለው መፈክር አይደለም። ያን ማንኛውም ሱቅ ይለዋል። ደንበኛ ከእኛ ሁልጊዜ የሚያገኘው፣ ከሌላ ሱቅ የማይሰማው አንድ ነገር ምንድን ነው ብለን ተጠያየቅን። መልሱን እህቴ አገኘችው፤ ቡናው የተቆላበትን ቀን እንናገራለን። በቃ። ከረጢቱ ላይ እንጽፈዋለን፣ ሰው ሲጠይቀንም አንዋሽም። ስለዚህ እያንዳንዱ መልእክት "ቡናው ሰኞ የተቆላ ነው" በሚል ይጀምር አልን። ይህች ዓረፍተ ነገር አትለወጥም፣ ቀኑ ብቻ ነው የሚለወጠው። እውነት ናት፣ ጠቃሚ ናት፣ ሐዘን ላይ ላለም ደስታ ላይ ላለም አታስከፋም። መጨረሻው ደግሞ "እናመሰግናለን" እና የላከችው ሰው ስም ነው። ምስጋናው የሱቁ ስለሆነ በብዙ ቁጥር ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው ስም ግን የአንድ ሰው ነው። ደንበኛው ሱቁ እንዳመሰገነውም ሰናይት እንደጻፈችለትም ያውቃል። መሃል ላይ የቀረችው አንዲት ዓረፍተ ነገር የሰውየው ናት። እሷን ማንም አስቀድሞ አይጽፋትም፤ ሰውየው ሱቅ ውስጥ ከተናገረው ነገር ብቻ ትወጣለች። የተናገረው ነገር ከሌለ ባዶ ትቀራለች። ባዶ መተው ይቻላል። ይህን መፍቀዳችን ነው "ልዩ ነዎት" ከማለት ያዳነን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በተራ የስልክ መልእክት በግዕዝ ፊደል ስትጽፉ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው። ክፍት ቦታውም፣ አራት ነጥቡም ይቆጠራል። በላቲን ፊደል ከሆነ 160 ይይዛል። ከ70 ካለፈ ስልኩ ይቆራርጠዋል፤ ያኔ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ብቻ ይይዛልና እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። ያ የኮራሁበት ጽሑፍ ቆጥሬው 96 ፊደል ሆኖ አገኘሁት። ለእያንዳንዱ ሰው የሁለት መልእክት እየከፈልን ነበር ማለት ነው። አብዛኛው ስልክ ሁለቱን ገጥሞ ያሳያል። የእናቴ የድሮ ስልክ ላይ ግን አንደኛው "የእር" ብሎ ያልቃል፣ ሁለተኛው "ስዎ እርካታ ኩራታችን ነው" ብሎ ይጀምራል። በላቲን ፊደል አማርኛ ብንጽፍ ዋጋው ይረክስ ነበር፤ እኛ ግን አልመረጥነውም። ትልልቅ ሰዎች ሊያነቡት ይቸገራሉ፣ ለምስጋናም ክብር አይሰጥም።

70 ጥቂት ይመስላል። አማርኛ ግን ቆጣቢ ቋንቋ ነው። ግሱ ብቻውን ማን፣ ለማን፣ ምን እንዳደረገ ይናገራል። "ደረሰልሽ?" አምስት ፊደል ነው፣ ከጥያቄ ምልክቱ ጋር ስድስት። የቀኗ ዓረፍተ ነገር ከነአራት ነጥቧ 15 ትወስዳለች። ምስጋናውና ስሙ 14 ይወስዳሉ። በመሃል ያሉትን ክፍት ቦታዎች ስትቀንሱ ለመጥሪያውና ለሰውየው ዓረፍተ ነገር ወደ 40 ገደማ ይተርፋል። ይበቃል።

አንዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ላሳያችሁ። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህር ትናንት የተቆላውን ቡና ወሰዱ። ሰናይት "ለቤት ነው ወይስ ለብዙ ሰው?" አለቻቸው። ይህን ጥያቄ የመረጥነው አስበንበት ነው። "ለምን ፈልገውት ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁ የሰው ጉዳይ ውስጥ መግባት ይሆናል። "ለቤት ነው ወይስ ለብዙ ሰው?" ግን የቡና ሻጭ ጥያቄ ነው፤ የአፈጫጨቱንና የመጠኑን ነገር ስለሚወስን ማንም አይገርመውም። ሰውም እግረ መንገዱን ራሱ ይናገራል። እሳቸውም "አይ፣ አዲስ አበባ ላለችው ልጄ ነው፤ ነገ ጠዋት መንገደኛ አለ" አሉ። ሰናይት ደብተሩ ላይ ጻፈች። በሁለተኛው ቀን ማታ ይህን ላከችላቸው፦

"እትዬ፣ ቡናው ትናንት የተቆላ ነው። ለልጅዎ በሰላም ይድረስላት። እናመሰግናለን። ሰናይት"

55 ፊደል ነው። ግን ሳየው ስህተት አገኘሁበት። መልእክቱ የሄደው በሁለተኛው ቀን ስለሆነ "ትናንት" ውሸት ሆኗል፤ ቡናውም ያን ጊዜ ደርሷል። እህቴ "አሁን እሳቸው ቀኑን ሲያሰሉ ምን ይላሉ?" አለች። ከዚያ ወዲህ "ትናንት" እና "ዛሬ" ከተቆለፈችው ዓረፍተ ነገር ወጡ። የቀኑን ስም እንጽፋለን፤ ሰኞ፣ ሐሙስ። "ዛሬ" የምንለው ቡናውን ባስረከብንበት ቀን የምንልክ ከሆነ ብቻ ነው። ለመንገደኛ ቡና ደግሞ "ለልጅዎ ደረሰላት?" ብሎ መጠየቅ ከምርቃቱ ይሻላል። ሰው ጥያቄ ሲያይ ይመልሳል። እትዬም ደወሉ፤ "ደርሷታል፣ ግን ጠቆር ብሎባታል" አሉ። ቀጣዩን ቀላ አድርገን ቆላንላቸው።

ለምን በሁለተኛው ቀን እንደምንልክ ልጨምር። ሰው ገንዘብ ከፍሎ ከበር ሳይርቅ የሚደርሰው ምስጋና ደረሰኝ ነው። ቡናውን ገና አልቀመሰውም። አንድ ጊዜ ቡና አፍልቶ ከጠጣ በኋላ ሲደርሰው ግን የሚለው ነገር ይኖረዋል፤ ወይ ያመሰግናል ወይ እንደ እትዬ ጉድለቱን ይነግራችኋል። ለሌላ ሸቀጥ ቀኑ ሌላ ይሆናል። ልብስ የምትሰፉ ከሆነ ልብሱ ከተለበሰበት በዓል ማግስት ነው።

አሁን ወደ አንቱታው ልምጣ። ይህን ከሁሉም በላይ ብዙ ጊዜ ተሳስተንበታል። በአማርኛ ለሰው አንድ መስመር ስትጽፉ ወንድ ይሁን ሴት፣ ታላቅ ይሁን ታናሽ ሳትወስኑ ማለፍ አትችሉም። ግሱ ያጋልጣችኋል። የአጎቴ ልጅ ሁሉንም በእርስዎ ጠቅልሎት ነበር። ያ ለሐጂ ልክ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ስንልክላት ግን "አርጅቼባችኋለሁ እንዴ?" ብላ መለሰች። ሁሉንም አንተና አንቺ ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። በቴሌግራም የሚያዝዙን ሰዎች ስማቸው ብቻ ነው የሚታየን። ነፃነት የሚል ስም አየንና "ወንድማችን" ብለን ጻፍን፤ ሴት ሆነች።

መፍትሔው ሁለት ነው። ሱቅ ለሚመጣ ሰው ሰናይት በአፏ የጠራችውን ነው ደብተሩ ላይ የምታሰፍረው። አንቱ ካለቻቸው አንቱ፣ አንቺ ካለቻት አንቺ። ሰው በአካል ሲተያይ ይህን አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው ማታ ስልክ ይዞ ሲቀመጥ ነው። ላላየነው ሰው ደግሞ ለቤተሰቡ እንጽፋለን። "በጤና ጠጡት"፣ "ቤታችሁ ደረሰ?" እንላለን። ቡና ብቻውን የሚጠጣ ሰው ጥቂት ነው፤ እናንተ ማለት ለቡና ያምራል። ቀዝቃዛም አይደለም፣ ድፍረትም የለበትም።

የኔ ማር፣ የኔ ቆንጆ፣ ሆዴ የሚሉትን ከሱቁ ስልክ ላይ አውጥተናቸዋል። እኔም በሱቁ ስልክ አልጠቀምባቸውም። አብሮ አደጌን የኔ ቆንጆ ማለት ከፈለግኩ ከራሴ ስልክ እላታለሁ። ይህን ድንበር መጀመሪያ ሰናይት አልወደደችውም። "ታዲያ ምኑ ላይ ነው ሙቀቱ?" አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። የእትዬን መልእክት አሳየኋት። የኔ ማር የሚለው ቃል ስለ ሰናይት ነው የሚናገረው፣ "ለልጅዎ" የሚለው ግን ስለ እትዬ ነው አልኳት። አስባ ገባት። ዛሬ መሃለኛዋን ዓረፍተ ነገር ከእኔ የተሻለች አድርጋ የምትጽፋት እሷ ናት።

ቋንቋውም አለ። ጅማ ውስጥ ደንበኛችን ግማሹ በኦሮምኛ ነው የሚያወራን። መጀመሪያ የአማርኛውን ጽሑፍ ቃል በቃል አስተረጎምን። የሰፈር ሽማግሌ አነበቡትና "ይህን ማንም ሰው በአፉ አይለውም" አሉን። ተውነው። ሰናይት ኦሮምኛው አፍ የፈታችበት ነው፤ አሁን ራሷ ከመጀመሪያው በኦሮምኛ አስባ ትጽፋለች። ስታመሰግን ለታላቅ ሰው ገለቶሚ ሳይሆን ገለቶማ ትላለች። በቁቤ ስለሚጻፍ 160 ፊደል አላት። አንዲት ወጥመድ ግን አለች። ዛሬ ለማለት har'a ስትጽፍ ስልኳ ቀጥ ያለችውን ጭረት አጠማዝዞ ይለውጣታል። ያቺ የተጠማዘዘች ጭረት ብቻዋን መልእክቱን በሙሉ ከ160 ወደ 70 ትጥለዋለች። ልብና ፈገግታ የመሳሰሉት ሥዕሎችም እንደዚሁ ናቸው። መልእክታችሁ ያለ ምክንያት ለሁለት ከተከፈለ መጀመሪያ እሷን ፈልጓት።

ሰው የነገራችሁን ሁሉ ደግሞ አትጻፉ። ይህን የተማርነው በአንድ ደንበኛችን ነው። ሐኪም ቡና ቀንሱ እንዳላቸው ለሰናይት ነገሯት። እሷም በቅንነት "ለጤናዎ ብለን ትንሹን ከረጢት አዘጋጅተናል" ብላ ላከች። ስልኩን ልጃቸው አነበበው፤ መታመማቸውን ቤት ውስጥ አልተናገሩም ነበር። አሁን ያለን ልክ ይህ ነው። ሰናይት መሃለኛዋን ዓረፍተ ነገር ከመላኳ በፊት "ይህን ጮክ ብዬ ሰው በተሰበሰበበት ባነበው ሰውየው ያፍራል?" ብላ ራሷን ትጠይቃለች። ካጠራጠራት ታወጣታለች። ድንኳኑ ውስጥ ጮክ ተብሎ የተነበበውን አልረሳነውም።

በምስጋናው ውስጥ ሽያጭ አናስገባም። "በድጋሚ ይጎብኙን" የሚለውም ወጥቷል። አዲስ ቡና ሲገባ በሌላ ቀን፣ በሌላ መልእክት፣ ለደንበኞች በሙሉ ብለን እንልካለን። እንደዚሁ በዓል ሲመጣ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልካም ምኞት አንልክም። ደብተሩ ላይ ሃይማኖት አንመዘግብም፤ ሰውን በስሙ መገመትም ያሳስታል። ራሳቸው ለፋሲካ ነው፣ ለኢድ ነው ብለው የገዙትን ብቻ በዚያው በዓል እንኳን አደረሳችሁ እንላለን።

ለለቅሶ የተገዛ ቡና ደብተሩ ላይ "ለ" የምትል አንዲት ፊደል ይጻፍበታል። ለእሱ ምስጋና አይላክም። አርባው እስኪያልፍ ከሱቁ ምንም አይሄድም። ቅርብ ከሆነ አንዳችን ሄደን እንደርሳለን።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። በቀን ሃያ ሰላሳ ሰው ስንሸጥ ሰናይት ማታ ሰላሳ ደቂቃ ያህል ትቀመጥበታለች። ግማሽ ኪሎና ከዚያ በላይ ለገዛ ብቻ ነው የምንልከው፤ በየቀኑ ለሚገዛንም በወር አንድ ጊዜ እንጂ በየግዢው አንልክም። በቀን መቶ ሰው ቢሆንብን እንዲህ መቀጠል አንችልም። ያኔ የሚቀነሰው የመልእክቱ ቁጥር ይሆናል እንጂ የመሃለኛዋን ዓረፍተ ነገር በጅምላ አንተካትም ብለን ተስማምተናል። ሐጂም ተመልሰዋል። የደረሳቸውን መልእክት ባለቤታቸው እንዳነበቡላቸው ነገሩኝ፤ በዚህኛው ጊዜ ሁለተኛ ከረጢት ጨምረው ነው የሄዱት።

ባለፈው ወር ያ ወጣት እንደገና ሱቅ መጣ። ሦስት ኪሎ ፈለገ። ሰናይት ለቤት ነው ወይስ ለብዙ ሰው ስትለው "የአክስቴ ልጅ ሙት ዓመት ነው፣ ቅዳሜ" አላት። ቡናውን በዚያው ጠዋት ቆልተን ሰጠነው። ማታ ሰናይት ደብተሩን ይዛ ወደ እኔ መጣች። "ምን ልጻፍላቸው?" አለችኝ። "ለ" የተባለው ነው ብዬ ምንም አትላኪ ልላት ነበር። ዓመት ግን አልፏል፤ ዝም ማለቱም እንዳልሰሙ መሆን መሰለኝ። አንድ ላይ አወጣን፣ አስገባን። ምስጋናውን አወጣነው። የቀረው ይህ ነበር፦

"ቡናው ዛሬ ጠዋት የተቆላ ነው። ነፍስ ይማር። ሰናይት"

ሩብ ሰዓት ሳይቆይ መልስ መጣ። "ደርሶኛል ልጄ። ቅዳሜ መጥታችሁ ከእኛ ጋር ጠጡ።"

ቅዳሜ ሱቁን ዘግተን ሦስታችንም ሄድን።